ደሞዝ አንሶ ሲገባ ፔይሮል እያንዳንዷን ተቀናሽ እንዲያስረዳችሁ እንዴት ትጠይቃላችሁ

የባንኩ ሜሴጅ ይገባል፣ ታዩታላችሁ፣ ከጠበቃችሁት ሁለት ሺህ ምናምን ብር ያንሳል። ሜሴጁ ግን ሚነግራችሁ ኔቱን ብቻ ነው፣ ከላይ ስንት ነበር፣ በየት በኩል ስንት ወጣ ሚለው እዛ ላይ የለም። አብዛኛው ሰው ታዲያ በዛው ንዴቱ ሂሳብ ክፍል ይገባና "ደሞዜ ለምን አነሰ?" ይላል። መልሱም "ታክስ ነው" ወይ "ሲስተሙ ነው የቆረጠው" ይሆናል፣ ወጣ ማለት ነው። እኔ ጅማ ውስጥ የግል ድርጅት ሂሳብ ክፍል ስለሰራሁ ይሄ ጥያቄ ከመስኮቱ ወዲያ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ፣ ለምን አነሰ ለሚል ሰው በአንድ ቃል መመለስ ቀላል ነው፣ "ይቺ 910 ብር ስንት ብር ላይ ተሰልታ ነው?" ላለ ሰው ግን ፋይሉን ሳይከፍቱ መመለስ አይቻልም። የዚህ ጽሁፍ ነገሩ በሙሉ እሱ ነው፣ ፋይሉን ማስከፈት።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ፣ ማብራሪያ ስትጠይቁ ውለታ እየለመናችሁ አይደለም። የአሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 60 አሰሪው የክፍያ መዝገብ መያዝ አለበት ይላል፣ መዝገቡ ላይ ጥቅል ክፍያው፣ የአሰላል ዘዴው፣ የተቀናሹ መጠንና አይነት፣ የተጣራው ክፍያ መኖር አለበት፣ ሰራተኛው ሲጠይቅ ደግሞ መዝገቡን የማሳየትና የማስረዳት ግዴታ አለበት። እዛው አንቀጽ ላይ ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ ፔይሮል ሺቱ ላይ ያለ ተቃውሞ ፈርማችሁ ብሩን መቀበላችሁ የቀረባችሁን የመጠየቅ መብት አያሳጣችሁም። "ፈርመሻል እኮ" ሚባለው ነገር እንግዲህ መልስ አይደለም። (የመንግስት ሰራተኛ ከሆናችሁ ይሄ አዋጅ እናንተን አይመለከትም፣ በራሳችሁ የሲቪል ሰርቪስ ህግ ነው ምትሄዱት፣ የግብር ማስከፈያውና የጡረታው ስሌት ግን አንድ ነው።)

አሁን ወደ ስራው። መጀመሪያ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ መሆን የነበረበትን ራሳችሁ አስሉት። ሚያስፈልጋችሁ የቅጥር ውላችሁ ወይም የመጨረሻው የደሞዝ ጭማሪ ደብዳቤ፣ ፔይስሊፕ ካለ ፔይስሊፕ፣ ከሌለ ደግሞ ያለፈው ወርና የዚህ ወር የባንክ ሜሴጅ። ፔይስሊፕ ማይሰጥ ድርጅት በጣም ብዙ ነው፣ እዛ ከሆናችሁ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ "የኔን መስመር ከፔይሮል ሺቱ ላይ አሳዩኝ" ነው፣ የሌሎች ሰራተኞች ደሞዝ አብሮ ስለሚታይ እንቢ ካሉ የናንተን ብቻ ገልብጠው ይስጧችሁ፣ ኤክሴል ላይ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ስሌቱን በአንዲት ልጅ ደሞዝ ላሳያችሁ። የቡና መጋዘን ያለው ድርጅት ውስጥ ስቶር ክለርክ ናት እንበል። ቤዚክ 11,000፣ የሀላፊነት አበል 2,000፣ ግሮስ 13,000 ብር። አበሉ ግብር የሚከፈልበት ነው። እሷ በራሷ ሂሳብ 9,680 ይገባልኛል ብላ ስትጠብቅ የገባላት 7,040 ነው። ልዩነቱ 2,640 ብር፣ ለአንድ ወር አስቤዛ ቀላል ብር አይደለም።

9,680ን ከየት አመጣችው? ከሁለት ነገር። አንደኛው የስራ ግብር ነው። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ በማሻሻያው አዋጅ 1395/2017 መሰረት እስከ 2,000 ብር ያለው ነጻ ነው፣ ከዛ እስከ 4,000 15 ፐርሰንት፣ እስከ 7,000 20፣ እስከ 10,000 25፣ እስከ 14,000 30፣ ከዛ በላይ 35 ፐርሰንት። ይሄ በየደረጃው ነው ሚሰላው፣ 13,000 ስላገኘች ሙሉው በ30 ይመታል ማለት አይደለም። ፔይሮል ሰሪዎች ግን በየደረጃው ከመደመር አቋራጭ ነው ሚጠቀሙት፣ 30 ፐርሰንት ውስጥ ላለ ሰው ግሮሱን በ30 ፐርሰንት ማባዛትና 1,350 መቀነስ። ስለዚህ 13,000 በ30 ፐርሰንት 3,900፣ ሲቀነስ 1,350፣ ግብሩ 2,550 ብር። ለሌሎቹ ደረጃዎች ሚቀነሰው ቁጥር በ15 ፐርሰንቱ 300፣ በ20ው 500፣ በ25ቱ 850፣ በ35ቱ 2,050 ነው፣ የራሳችሁን በዚህ አስሉት። ሁለተኛው ጡረታ ነው፣ ከሰራተኛው 7 ፐርሰንት፣ እሱም በቤዚኩ ላይ እንጂ በአበሉ ላይ አይደለም፣ የ11,000 7 ፐርሰንት 770 ብር። 13,000 ሲቀነስ 2,550 ሲቀነስ 770፣ 9,680። ልጅቷ ልክ ናት እስከዚህ ድረስ።

ባይዘዌይ አንዳንዱ ሰው ጡረታው ከግብር በፊት ይቀነሳል ብሎ ያስባል፣ እኛ ጋ እንደዛ አይደለም ሚሰራው፣ ግብሩ ሚሰላው ጡረታ ሳይቀነስ ከላይ ካለው ነው። በዛ ምክንያት ብቻ መቶ ሁለት መቶ ብር አንሶብኛል ብሎ የሚጣላ ሰው አይቻለሁ።

ቀጥሎ የጠበቃችሁትን ከገባው ጋ ጎን ለጎን ጻፉት። የልጅቷ ፔይስሊፕ ላይ ያለው እንዲህ ነው፦ የስራ ግብር 3,050፣ ጡረታ 910፣ ኮስት ሼሪንግ 1,300፣ ሌላ 700። ድምሩ 5,960። ከሷ ስሌት ጋ ስታስተያዩት ግብሩ ላይ 500 ይበልጣል፣ ጡረታው ላይ 140፣ ኮስት ሼሪንግና "ሌላ" ደግሞ እሷ ስሌት ውስጥ ጭራሽ የሉም። ሲደመሩ 2,640። የጠፋው ብር አራት ቦታ ተከፋፈለ ማለት ነው፣ አሁን ጥያቄዋ "ለምን አነሰ" መሆኑ ቀርቶ አራት ትናንሽ ጥያቄ ሆነ፣ እያንዳንዱም የተለያየ መልስ ነው ያለው።

ለእያንዳንዱ መስመር ምትጠይቁት ሶስት ነገር ነው፣ ስንት ብር ላይ ነው የተሰላው፣ በስንት ፐርሰንት ወይም በምን ስሌት፣ በየትኛው ወረቀት መሰረት። ወረቀት ስል ህግ ሊሆን ይችላል፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊሆን ይችላል፣ የህብረት ስምምነት ወይ የስራ ደንብ ሊሆን ይችላል፣ እናንተ የፈረማችሁበት ስምምነት ሊሆን ይችላል። የዛው አዋጅ አንቀጽ 59 ከነዚህ ውጪ ከደሞዝ መቁረጥ አይቻልም ነው ሚለው።

መቼ ነው ምትሄዱት? ደሞዝ የወጣ ቀን አትሂዱ፣ የዛን ቀን ሂሳብ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ባንክና ስልክ ላይ ነው፣ በደህና ቀን የሚታገሳችሁ ሰው ይጮህባችኋል። ሁለት ሶስት ቀን ቆይታችሁ ጠዋት ሶስት ሰአት አካባቢ ሂዱ፣ አርብ ከሆነ ደግሞ ከአምስት ሰአት ተኩል በፊት ጨርሱ፣ ጅማ ነው፣ ለጁምአ የወጣ ሰው እስኪመለስ ስምንት ሰአት ሊሆን ይችላል። ብዙም ግን አታዘግዩት፣ የተቀነሰው ግብርና ጡረታ ለገቢዎችና ለጡረታ ሳይተላለፍ ቢታረም ለነሱም ለናንተም ይቀላል፣ አንዴ ዲክሌር ከተደረገ በኋላ ማስተካከሉ ሌላ ወረቀት ነው። ሌላው የሚቀጥለው ወር ፔይሮል አብዛኛው ቦታ ከ20 በኋላ መሰራት ይጀምራል፣ ጥያቄያችሁ ከዛ በፊት ካልደረሰ ስህተቱ ይደገማል።

ፔይሮሉን የሚሰራው ማን እንደሆነም አጣሩ። ጅማ ያሉ ቅርንጫፎች ብዙ ጊዜ ፔይሮላቸው አዲስ አበባ ዋና መስሪያ ቤት ነው ሚሰራው፣ እዚህ ያለችው ካሸር የተላከላትን ሊስት ነው ይዛ ያለችው፣ እሷን ብታፋጥጧት ምንም አታውቅም። እሷን "የኔን የሚሰራው ማነው፣ ስልኩን ወይ የቴሌግራም አድራሻውን ስጪኝ እህቴ" በሏትና ጥያቄውን ለሚሰራው ሰው ላኩ፣ ለሷም ግልባጭ።

አፍ ላይ እንዲህ ነው ሚባለው፦ "ጋሼ እንደምን አደሩ፣ የዚህን ወር ፔይስሊፔን ሳየው ያልገባኝ አራት መስመር አለ፣ ጽፌ አምጥቼዋለሁ፣ ስንት ብር ላይ እንደተሰላ ቢያሳዩኝ።" በቃ። "ደሞዜን በላችሁት" ብሎ መግባት ሰውየውን መከላከል ውስጥ ይከተዋል፣ ከዛ በኋላ የሚፈልገው የናንተን ስህተት ነው። ወረቀቱን ስጡት፣ ቁጥሩን እያየ ራሱ ይደነግጣል።

አፍ ብቻ ግን አይበቃም፣ በጽሁፍም ይሁን፣ ባጭሩ እንዲህ፦

> ለፋይናንስ ክፍል፣
> ጉዳዩ፦ የደሞዝ ተቀናሽ ማብራሪያ ስለመጠየቅ
> የዚህ ወር ደሞዜ ከጥቅሉ 13,000 ብር ላይ 5,960 ብር ተቀንሶ 7,040 ብር ገብቶልኛል። ለሚከተሉት ተቀናሾች እያንዳንዳቸው በስንት ብር ላይ፣ በምን ስሌትና በየትኛው ሰነድ መሰረት እንደተቀነሱ በጽሁፍ እንዲገለጽልኝ በአዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 60 መሰረት እጠይቃለሁ፦ የስራ ግብር 3,050፣ ጡረታ 910፣ ኮስት ሼሪንግ 1,300፣ ሌላ 700።
> ግልባጭ፦ ለሰው ሀይል ክፍል

ሁለት ኮፒ አድርጉት፣ አንዱ ላይ "ደርሶኛል" ብለው ቀንና ፊርማ ይጻፉበት፣ እሱን ቤት አስቀምጡት። አንፈርምም ካሉ የወረቀቱን ፎቶ በቴሌግራም ወይ በኢሜይል ላኩላቸው፣ የተላከበት ቀን እዛው ይቀራል።

አሁን መልሱ ሲመጣ እንዴት ታነቡታላችሁ ወደሚለው፣ በልጅቷ አራት መስመር።

ግብሩ 3,050። "ስንት ብር ላይ?" ሲባል 13,000 ላይ አሉ፣ ልክ ነው። "በምን ስሌት?" ሲባል በ35 ፐርሰንት ተባዝቶ 1,500 ተቀንሶ። ይሄ የድሮው ሰንጠረዥ ነው፣ በ2008ቱ አዋጅ 979 ከ10,900 ብር በላይ ያለው በ35 ፐርሰንት የሚሰላበት። ኤክሴሉ ላይ ፎርሙላውን ያልቀየረው ሰው አለ ማለት ነው፣ ወይም ደግሞ ከፊሉን ሰራተኛ ቀይሮ ከፊሉን ረስቷል፣ አዲስ ረድፍ ሲጨመር ከድሮ ፋይል ኮፒ ሲደረግ ይሄ ይፈጠራል። ምልክቱ ቀላል ነው፣ የግብራችሁን ቁጥር በአዲሱም በድሮውም አስሉት፣ ከድሮው ጋ ሳንቲም ሳይዛነፍ ከገጠመ አገኛችሁት። የ500 ብሩ ነገር አለቀ፣ ይመለሳል።

ጡረታው 910። 910ን ለ0.07 ብታካፍሉት 13,000 ይመጣል፣ አበሉን ጨምረው ነው ያሰሉት ማለት ነው። መሆን የነበረበት 11,000 ላይ 770። ይሄን ማካፈል ለማንኛውም የጡረታ መስመር ተጠቀሙበት፣ ሚመጣው ቁጥር ቤዚካችሁ ካልሆነ ጠይቁ። አንዳንዴ ደግሞ ሌላ ነገር ታገኛላችሁ፣ አሰሪው ከራሱ ኪስ ማዋጣት ያለበት 11 ፐርሰንት አለ፣ እሱ እናንተ ላይ ከተደመረ ተቀናሹ 18 ፐርሰንት ይሆናል፣ የ11,000 18 ፐርሰንት 1,980 ነው። እንደዛ ካያችሁ ስህተት ነው ብላችሁ በትህትና አትለፉት፣ የናንተ ድርሻ 7 ብቻ ነው።

ኮስት ሼሪንግ 1,300። እዚህ ላይ ልጅቷ ነች የተሳሳተችው፣ ዩኒቨርስቲ ስትገባ የወጪ መጋራት ውል ፈርማለች፣ ስራ ስትይዝ አሰሪው ቢያንስ የወር ገቢዋን 10 ፐርሰንት እየቆረጠ ወደ ገቢዎች ያስገባል። ተቀጥራ ወራት አልፎ አሁን መጀመሩ ገርሟታል፣ ግን ወረቀቷ ፋይሏ ውስጥ የገባው ዘግይቶ ነው። ይሄ አይመለስም። ቢሆንም ጥያቄ አለው፣ ጠቅላላ እዳዬ ስንት ነው፣ እስካሁን ስንት ተከፍሏል፣ የገባበት ደረሰኝ የታል። ይሄን የምላችሁ ለጭቅጭቅ አይደለም፣ ከደሞዝ ተቆርጦ ሳይገባ የቀረ ብር እዳ መዝገቡ ላይ አይታይም፣ ክሊራንስ ስትፈልጉ እንደ አዲስ ክፈሉ ትባላላችሁ፣ ያኔ ድርጅቱን ለቃችሁ ሊሆን ይችላል፣ ሂሳብ ሰራተኛውም እንደዛው። ደረሰኙን በየወሩ ባይሆን በዓመት አንዴ ፎቶ አንሱት።

"ሌላ" 700። ከሁሉም በላይ ይቺን ቃል አትመኑ። ሌላ የሚባል ተቀናሽ የለም፣ ውስጡ ሁሌም ስም ያለው ነገር አለ፣ ኤክሴሉ ላይ ኮለምን ስላለቀ ነው አንድ ላይ የተጠቀጠቀው። የልጅቷ ሲፈታ 400ው የሰራተኞች ቁጠባና ብድር ማህበር መዋጮ ሆኖ ተገኘ፣ ፎርም ሞልታ ፈርማለች፣ ረስታው ነው። 300ው ግን መጋዘን ውስጥ ለጎደለ ጆንያ ለአራት ሰራተኛ የተከፋፈለ ነው። በየትኛው ወረቀት? "ሀላፊው ነው ያዘዘው።" ሀላፊ ማዘዙ አንቀጽ 59 ላይ ከተዘረዘሩት ውስጥ የለም፣ እሷ በጽሁፍ አልተስማማችም፣ ፍርድ ቤት አላዘዘም፣ በህብረት ስምምነቱም ሆነ በስራ ደንቡ ላይ እንዲህ አይነት ተቀናሽ ተጽፎ እንደሆነ ያሳዩ ሲባል ማሳየት አልቻሉም። ስለዚህ ይሄም ይመለሳል። ልብ በሉ፣ ደንቡ ላይ ቢኖር ኖሮ ነገሩ ይለወጥ ነበር፣ ለዛ ነው ከመናደድ በፊት ወረቀቱን አሳዩኝ ማለት ሚሻለው። ጉድለቱን እኔ አላመጣሁም ብሎ መከራከር ሌላ ጉዳይ ነው፣ ከፔይሮል ጋ አትቀላቅሉት፣ ሂሳብ ሰራተኛው ስለ ጆንያው ምንም አያውቅም።

ሲጠቃለል ከ2,640ው ውስጥ 940 ብር ነው የሷ የሆነው፣ 500ና 140ና 300። ቀሪው 1,700 ልክ ተቆርጧል፣ ትክክለኛ ኔቷም 9,680 ሳይሆን 7,980 ብር ነው። ሙሉው ይመለሳል ብላችሁ ተስፋ አድርጋችሁ እንዳትሄዱ ነው ይሄን ያልኩት።

መልስ ካልመጣስ? ሳምንት አስር ቀን ጠብቁ፣ ያንኑ ደብዳቤ "ሁለተኛ ጊዜ" ብላችሁ ለስራ አስኪያጁ አስገቡ፣ የሰራተኛ ማህበር ካለ በማህበሩ በኩል ቢሄድ የበለጠ ክብደት አለው። ከዛም ካልሆነ ከተማው ላይ የሰራተኛ ጉዳይ የሚያየው የመንግስት ጽህፈት ቤት አለ፣ የስራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች እዛ ናቸው፣ መዝገቡን አምጡ ብለው መጠየቅ ይችላሉ። እዛ ስትሄዱ የስራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻውን በአፋን ኦሮሞ አስጽፋችሁ ሂዱ፣ በአማርኛ የጻፋችሁትን የድርጅቱን ደብዳቤ ደግሞ እንዳለ አያይዙ። ጊዜውን ግን ልብ በሉ፣ የደሞዝና የትርፍ ሰአት ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል። "በሚቀጥለው ወር እናስተካክላለን" እየተባለ አራት አምስት ወር ሲያልፍ የመጀመሪያው ወር ሊያመልጣችሁ ነው ማለት ነው። ስለዚህ እናስተካክላለን ሲሉ በጽሁፍ ይሁን፣ ቴሌግራም ላይም ቢሆን፣ "የዚህ ወር 940 ብር በስህተት ተቆርጧል" የሚል ቃል ከነሱ ይውጣ።

ተስማምተው ሊመልሱላችሁ ሲሉ ደግሞ በምን መልክ እንደሚመለስ ጠይቁ፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ሳያውቀው ይከስራል። ሰነፍ ፔይሮል ሰሪ 940ውን ወስዶ "ተጨማሪ ክፍያ" ሚል ኮለምን ውስጥ ይከተዋል፣ ያኔ ግሮሷ 13,940 ይሆንና በዛ ብር ላይ እንደገና ግብር ይሰላበታል፣ በ30 ፐርሰንቱ 282 ብር ይሄዳል፣ እጇ ላይ የሚደርሰው 658 ብቻ ነው። አንዴ ግብር የተከፈለበት ደሞዝ ነው እኮ ሚመለሰው፣ አዲስ ገቢ አይደለም። ትክክለኛው ግሮሱ 13,000 እንዳለ ሆኖ ተቀናሹ ላይ እንዲቀነስ ነው፣ ወይም ከግብር ስሌት በኋላ ባለው ኮለምን ላይ እንዲደመር። በሚቀጥለው ወር ፔይስሊፑ ሲመጣ መጀመሪያ ኔቱን ሳይሆን ግሮሱን እዩት፣ 13,940 የሚል ካያችሁ በዛው ቀን ተመልሳችሁ ግቡ።